«በእጥፍ ጨመረ» ከስንት ተነሥቶ?

የምርምር ቁጥር ለሰፊው አንባቢ ሲጻፍ ምን ይጎድለዋል? የጎደለውስ ከየት ይመጣል?

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ለሐኪሞች፣ ለፋርማሲስቶችና ለጤና ኃላፊዎች አስቸኳይ ደብዳቤ ጻፈ። ጉዳዩ ጄስቶዲን ወይም ዴሶጄስትሬል የተባሉ ሆርሞኖች ያሉባቸው፣ በዚያን ጊዜ አዲስ የነበሩ የእርግዝና መከላከያ እንክብሎች ነበሩ። ገና ያልታተሙ ሦስት ጥናቶች፣ እነዚህን እንክብሎች የሚወስዱ ሴቶች የቀድሞዎቹን ከሚወስዱት ይልቅ ደም የመርጋት አደጋቸው በእጥፍ ገደማ እንደሚበልጥ አመልክተው ነበር። ዜናው ከደብዳቤው ቀደመ። ብዙ ሐኪሞች ደብዳቤው እጃቸው ሳይገባ በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ሰሙት፤ ታካሚዎቻቸውም አብረው ሰሙት። በየዜናው የተደጋገመው ቃል አንድ ነው፤ አደጋው «በእጥፍ» ጨምሯል።

በሳምንታት ውስጥ እጅግ ብዙ ሴቶች እንክብላቸውን አቋረጡ። ብዙዎቹ በምትኩ የጀመሩት ሌላ መከላከያ አልነበረም። ከዚያ በፊት በእንግሊዝና በዌልስ ለዓመታት እየቀነሰ የነበረው የፅንስ ማቋረጥ ቁጥር በተከታዩ ዓመት አሻቀበ፤ በዚያ ዓመት ብቻ ወደ 13,000 የሚጠጋ ተጨማሪ ፅንስ ማቋረጥ እንደተፈጸመ ተገምቷል። ያልታቀደ ወሊድም ጨመረ። ከተጎዱት መካከል ገና አሥራ ስድስት ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ።

ጥናቶቹ ሐሰት አልነበሩም። ኮሚቴውም ቁጥር አላዛባም። ስሕተቱ የተፈጸመው ቁጥሩ ከተመራማሪው ጠረጴዛ ተነሥቶ ወደ ሕዝብ ጆሮ በተጓዘበት አጭር መንገድ ላይ ነው። መንገዱ ዛሬም ያው ነው፤ የሚሄዱበት ሰዎች ግን በዝተዋል። ጋዜጠኛው፣ የጤና ቢሮው የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ በስልኩ ላይ ለተከታዮቹ አጭር ጽሑፍ የሚያሰናዳው ወጣት ሐኪም፣ ሁሉም የጥናት ግኝት ይዘው በዚህ መንገድ ይመላለሳሉ። የዚህ ጽሑፍ ክርክር አንድ ነው፤ ግኝትን ለማንም ግልጽ የሚያደርገው የቃላት ማቅለል ሳይሆን፣ ከጥናቱ ማጠቃለያ ላይ የቀረውን መነሻ ቁጥር ፈልጎ መመለስ ነው።

## የጎደለው ግማሽ

አንድ ሰው «ዋጋው በእጥፍ ጨመረ» ቢለን ወዲያው የምንጠይቀው የምኑ ዋጋ እንደሆነ ነው፤ የክብሪት ከሆነ እናልፈዋለን፣ የቤት ኪራይ ከሆነ እንደነግጣለን። በጤና ዜና ላይ ግን ይህን ጥያቄ አናነሣም። አደጋው በእጥፍ ጨመረ ሲባል መነሻው ትልቅ እንደሆነ አድርገን እንወስደዋለን፣ ምክንያቱም ትንሽ ቢሆን ዜና አይሆንም ነበር ብለን እናስባለን።

በ1995ቱ ዜና መነሻው በጣም ትንሽ ነበር። የቀድሞውን እንክብል ለአንድ ዓመት ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ደም የሚረጋባት አንዷ ናት። አዲሱን ከሚወስዱት 7,000 ደግሞ ሁለቱ። ከአንድ ወደ ሁለት መሄድ በእርግጥ እጥፍ ነው፤ በመቶኛ ሲነገርም 100 በመቶ ጭማሪ ነው። ነገር ግን ይኸው እውነት «ከ7,000 ሴቶች አንዲት ተጨማሪ» ተብሎ ሲነገር፣ ሰሚዋ እንክብሏን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትወረውርም። ሐኪሟን ልትጠይቅ ቀጠሮ ትይዛለች።

> «100 በመቶ» እና «ከ7,000 አንዲት ተጨማሪ» አንድ እውነት ናቸው፤ የሚያስከትሉት ውሳኔ ግን አንድ አይደለም።

መነሻው ለምን ጠፋ? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጋዜጠኛውን ይወቅሳል፤ ምክንያቱ ግን ከዚያ የጠለቀ ነው። ከጥናቶቹ አብዛኞቹ የተሠሩበት ዘዴ ራሱ መነሻ ቁጥር አይሰጥም። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ደም ረግቶባቸው ሆስፒታል የገቡ ሴቶችን ይሰበስባሉ። ከዚያ በዕድሜና በሌላ ነገር የሚመስሏቸውን፣ ያልታመሙ ሴቶችን ይመርጣሉ። ሁለቱንም ወገን ምን ዓይነት እንክብል ይወስዱ እንደነበር ይጠይቃሉ። ከታመሙት መካከል አዲሱን እንክብል የወሰዱት በዝተው ከተገኙ፣ በስንት እጥፍ እንደበዙ ያሰላሉ። ይህ ዘዴ ብዙ ሰው የማይዘውን በሽታ ለማጥናት ፍቱን ነው፤ አለዚያ ጥቂት ታማሚ ለማግኘት በመቶ ሺሕ የሚቆጠሩ ሴቶችን ለዓመታት መከታተል ያስፈልግ ነበር። ነገር ግን ስንት የታመሙና ስንት ጤነኛ ሴቶች በጥናቱ እንደሚካተቱ የወሰኑት ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ስለሆኑ፣ «በአገሩ ውስጥ ከ7,000 ስንቷ ትታመማለች?» የሚለውን ከዚህ ጥናት ማወቅ አይቻልም። መነሻው ከሌላ ቦታ፣ ከሆስፒታል መዝገብ ወይም ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ከተከታተለ ጥናት መምጣት አለበት።

ስለዚህ የጥናቱን ማጠቃለያ ብቻ አንብቦ የሚጽፍ ሰው፣ ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን፣ «እጥፍ» ከማለት ውጭ የሚጽፈው የለውም። ሥራው የሚጀምረው ጥናቱን ዘግቶ መነሻውን ፍለጋ ሲወጣ ነው።

## ሦስተኛው ቁጥር

መነሻው ከተገኘ በኋላ አንድ ነገር ይቀራል፤ አንባቢዋ በውሳኔዋ መካከል የምታመዛዝነው ሌላው መንገድ። እንክብሉን ያቋረጠች ሴት ከአደጋ ነፃ ወደሆነ ቦታ አልሄደችም። አንዳንዶቹ የሄዱት ወደ እርግዝና ነው፣ እርግዝና ደግሞ ራሱ ደም ያረጋል። በዚያው ዘመን በተሰጠው ግምት ከ7,000 ነፍሰ ጡሮች አራት ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል። ማለትም ከአዲሱ እንክብል ሸሽታ ሳታስበው ያረገዘች ሴት፣ የሸሸችው አደጋ በእጥፍ ገደማ ጠበቃት። ይህ ቁጥር በዜናው ውስጥ ቢኖር ኖሮ የታሪኩ መልክ በተለወጠ ነበር ብሎ መናገር ማጋነን አይሆንም።

እንግዲህ መነሻው፣ የተለወጠው ቁጥርና ሌላው መንገድ አንድ ላይ ሲቀመጡ፣ ጽሑፉ ይህን ይመስላል፦

*አዲሱን እንክብል ለአንድ ዓመት ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች ሁለቱ ያህል ደም ሊረጋባቸው ይችላል። የቀድሞውን ከሚወስዱ 7,000 ሴቶች አንዷ ያህል። ከ7,000 ነፍሰ ጡሮች ደግሞ አራቱ ያህል። አብዛኞቹ በሕክምና ይድናሉ። ሐኪም ወይም ፋርማሲስት ሳታማክሪ እንክብሉን አታቋርጪ።*

አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሁሉም አደጋዎች በአንድ ልክ፣ በ7,000 ሰው ተለክተዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ጽሑፍ የሚበላሸው እዚህ ነው። የቀድሞውን እንክብል «ከ7,000 አንዷ»፣ የአዲሱን «ከ3,500 አንዷ» ብሎ መጻፍ በሒሳብ ትክክል ነው። ነገር ግን በዚህ መልክ የተጻፉ ቁጥሮች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች፣ ብዙ አንባቢ አደጋውን አሳስቶ እንደሚገምትና ትልቁን ቁጥር ትልቅ አደጋ አድርጎ የሚያነብም እንዳለ አሳይተዋል። 7,000 ከ3,500 ይበልጣላ! የሰዎቹ ብዛት አንድ ሆኖ የታማሚዎቹ ቁጥር ብቻ ሲለዋወጥ ግን የሚያምታታ ነገር አይኖርም። ጊዜውም መጠቀስ አለበት። «ለአንድ ዓመት» የሚለው ቢወጣ፣ አንዷ አንባቢ በዕድሜ ዘመኔ ብላ፣ ሌላዋ በአንድ ፓኬት ብላ ትረዳዋለች።

## ሲገለበጥ ደግሞ

እስካሁን ያልነው «እጥፍ» እና «መቶኛ» ያስፈራሉ፣ ቆጠራ ያረጋጋል የሚል ትምህርት ብቻ ከሰጠ ግማሽ እውነት ነው። ተቃራኒውን ያየነው በኮቪድ ዘመን ነው፤ ያኔ ያሳሳተው ቆጠራው ራሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ የፋይዘርና ባዮንቴክ ክትባት «95 በመቶ ውጤታማ» መባሉን የማያስታውስ የለም። ምን ማለት እንደሆነ ግን ብዙ ሰው በግማሽ ነው የያዘው። በጣም የተለመደው ግንዛቤ፣ ከመቶ ክትባት ከወሰዱ ሰዎች አምስቱ ይታመማሉ የሚል ነው። የሙከራውን ዝርዝር ለከፈተ ሰው ግን 95 በመቶው ፈጽሞ የተለየ ነገር ነው። ወደ 18,000 የሚጠጉ ሰዎች ክትባቱን ተወጉ፤ ሌሎች ወደ 18,000 የሚጠጉ ደግሞ ክትባት የሌለበት ጨዋማ ውሃ። ለማን ምን እንደተሰጠ ተወጊዎቹ አያውቁም። ከሁለተኛው መርፌ ሰባት ቀን በኋላ ጀምሮ ምልክት አሳይተው በምርመራ ኮቪድ የተገኘባቸው ተቆጠሩ። ጨዋማ ውሃ ከተወጉት 162፣ ከተከተቡት 8። ስምንት የ162 አንድ ሃያኛ ያህል ነው። ክትባቱ ባይኖር ይታመሙ ከነበሩ ሃያ ሰዎች አሥራ ዘጠኙን አዳነ ማለት ነው፤ 95 በመቶ የሚባለው ይኸው ነው። ከመቶ አምስት ቢታመም ኖሮ የተከተቡት ታማሚዎች 8 ሳይሆኑ 900 ይሆኑ ነበር።

እዚህ ጋ በቆጠራ የሚያምን ሰው ይነሣና፣ ከ18,000 ውስጥ 162 መታመማቸው ራሱ ከመቶ አንድ ሰው አይሞላም፤ ስለዚህ ክትባቱ የጠቀመው ከመቶ ከአንድ ለሚያንስ ሰው ነው ይላል። ይህን ክርክር ክትባቱን የሚቃወሙ ሰዎች በሰፊው ተጠቅመውበታል፣ ቁጥሩም አልተሳሳተም። የተዘለለው ጊዜው ነው። ሙከራው ሰዎቹን የተከታተለው ከሁለተኛው መርፌ በኋላ በአማካይ ለሁለት ወር ያህል ነበር። ወረርሽኙ ግን በሁለት ወር አልቆመም። ወራት በተጨመሩ ቁጥር ካልተከተቡት የሚታመሙት በሺሕ ይቆጠራሉ፣ ክትባቱ የሚያተርፋቸውም በዚያው ልክ ይበዛሉ። በሁለት ወር የተገኘን ቆጠራ እንደ ዕድሜ ልክ ጥቅም ማቅረብ፣ መነሻ የሌለውን «እጥፍ» ከማቅረብ አይሻልም።

> መነሻ የሌለው እጥፍ ያስደነግጣል፤ ጊዜ የሌለው ቆጠራ ያዘናጋል።

እንግዲህ ለአንባቢ የሚበቃው ሦስት ነገር ነው፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ቡድኖች፣ በእያንዳንዱ የታመሙት ሰዎች፣ የተቆጠሩበት ጊዜ። ከዚህ ሌላ የቁጥሩን ወሰን በአንድ ሐረግ መናገር ያስፈልጋል። ያ ሙከራ የቆጠረው ታመው ምልክት ያሳዩትን ነው፤ ቫይረሱ ይዟቸው ምንም ያልተሰማቸውን አልቆጠረም፣ ለሌላ ሰው ማስተላለፍን አልለካም፣ በኋላ የመጡትን ዴልታንና ኦሚክሮንን አያውቅም። በኋላ «95 በመቶ ብለውን ነበር፣ ተከትቤ ያዘኝ» ብሎ የተቆጣው ሰው ቁጣው የመጣው ይህ ሐረግ መጀመሪያ ስላልተነገረው ነው።

## የሰው አገር መነሻ

ለአማርኛ አንባቢ የሚጽፍ ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት፤ ከሁሉም ያነሰ የሚነገርለትም ይኼ ነው። እጥፉ ብዙ ጊዜ ድንበር ይሻገራል፣ መነሻው ግን አይሻገርም።

እ.ኤ.አ. በ2015 መቀመጫውን ሊዮን፣ ፈረንሳይ ያደረገው የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ፣ በየቀኑ 50 ግራም የተቀነባበረ ሥጋ፣ ለምሳሌ ቋሊማ፣ መብላት የአንጀት ካንሰርን በ18 በመቶ እንደሚጨምር አስታወቀ። ሥጋውን ከትምባሆ ጋር በአንድ ምድብ ማስቀመጡ ደግሞ ዓለምን አስደነገጠ፤ ምድቡ የሚናገረው ግን ማስረጃው ምን ያህል የጸና እንደሆነ ብቻ ነው፣ አደጋው ምን ያህል እንደሚተልቅ አይናገርም። በብሪታንያ ከመቶ ሰዎች ስድስቱ ያህል በሕይወት ዘመናቸው የአንጀት ካንሰር ይይዛቸዋል። የስድስት 18 በመቶ አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ እዚያ የተሰጠው ማብራሪያ፣ መቶ ሰዎች ዕድሜያቸውን ሙሉ በየቀኑ ይህን ያህል ቢበሉ ካንሰሩ የሚይዛቸው ከስድስት ወደ ሰባት ይደርሳሉ የሚል ነበር። ጥሩ ማብራሪያ ነው፤ ለብሪታንያ።

አዲስ አበባ ተቀምጦ «ከመቶ ሰባት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ግን የእንግሊዞችን አንጀት ለኢትዮጵያውያን እየሰጠ ነው። እዚህ ሕዝቡ በዕድሜ ወጣት ነው፣ ምግቡም ሌላ ነው፣ በሽታው ሳይታወቅ የሚያልፍበት ዕድልም ይለያል። የአዲስ አበባ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን የሚመዘግበው የከተማዋን ነዋሪ ነው። ስለ ገጠሩ ሰው የሚጽፍ ሰው ይህን መዝገብ እንኳ ይዞ በልበ ሙሉነት ሊናገር አይችልም። ሎንዶን ወይም ዋሽንግተን ለሚኖረው አማርኛ አንባቢ ደግሞ የሚቀርበው መነሻ የሚኖርበት አገር መነሻ ሊሆን ይችላል። አንድ ጽሑፍ ለሁለቱም ከተላከ፣ ቁጥሩ የየትኛው አገር እንደሆነ መናገር ግዴታ ነው። የአገር ውስጥ መነሻ ከሌለ፣ «ይህ ቆጠራ የብሪታንያ ነው፤ በኢትዮጵያ መነሻው ከዚህ ሊያንስ ወይም ሊበልጥ ይችላል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ጽሑፉን አያደክመውም።

## «ያቀለላችሁት ነገር ሳይንሱን ይጎዳል»

ይህን አጻጻፍ ከሁለት አቅጣጫ የሚነቅፉት ሰዎች አሉ፤ ነቀፌታቸውም በቁም ነገር መታየት አለበት።

አንደኛው ተመራማሪው ነው። «ሁለት» ብላችሁ ስትጽፉ የእኔ ውጤት እርግጠኛ ይመስላል ይላል። እኔ ያገኘሁት መካከለኛ ግምት ነው፣ ከላይና ከታች ሰፊ ወሰን አለው፤ ያንን ቆርጣችሁ ጣላችሁት። ልክ ነው፣ መቆረጥ አልነበረበትም። ግን መፍትሔው ወደ እጥፍ መመለስ አይደለም፣ ወሰኑንም በሰው መቁጠር ነው። ግምቱ ሁለት፣ ወሰኑ ከአንድ ተኩል እስከ ሦስት ከሆነ፣ የሰዎቹን ብዛት ወደ 70,000 አሳድጎ «20 ያህል ሴቶች፤ ከ15 ሊያንሱ ከ30 ሊበልጡ ግን አይመስልም» ማለት ይቻላል። አንባቢ ወሰን ሲያይ እምነቱን ያጣል የሚለው ሥጋትም የተፈራውን ያህል አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጥናት፣ በእውነተኛ የዜና ድረ ገጽ ላይ ጭምር ሞክሮ፣ ቁጥር ከነወሰኑ ሲቀርብ የአንባቢ እምነት የሚቀንሰው በጥቂቱ ብቻ እንደሆነ አሳይቷል። እምነትን ይበልጥ የሚጎዳው «እርግጠኛ አይደለንም» የሚለው ልቅ አነጋገር ነው።

ሁለተኛው ነቃፊ የጤና አስተማሪው ነው፣ ክርክሩም ከበድ ያለ ነው። «ከመቶ አንድ ተጨማሪ» ካልነው ማን ይጠነቀቃል? ሰው ካልፈራ አይለወጥም ይላል። የሚናገረው ከልምድ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ሰምቶ «እኔን አይደርሰኝም» ያላለ ሰው የለም። ይሁን እንጂ ፍርሃት ወዴት እንደሚነዳ የሚያስፈራራው ሰው አይመርጥም። በ1995 ኮሚቴው የፈለገው ሴቶች እንክብል እንዲቀይሩ ነበር፤ ፍርሃቱ ግን ጨርሶ እንዲያቋርጡ አደረጋቸው። ደግሞም ለአንዲት ሴት ትንሽ የሆነ ቁጥር ለአገር ትንሽ አይደለም፣ ያንንም በቆጠራ መናገር ይቻላል። አንድ ሚሊዮን ሴቶች የሚወስዱት እንክብል ከ7,000 አንዲት ተጨማሪ ካሳመመ፣ በዓመት 140 ያህል ሴቶች ናቸው። ጤና ሚኒስቴር ሊንቀሳቀስበት የሚገባ ቁጥር ነው። አንዲት ሴት ዛሬ ማታ እንክብሏን እንድትጥል የሚያደርግ ግን አይደለም። ሁለቱን አንባቢዎች ለይቶ፣ ለእያንዳንዳቸው የሚገባውን ቁጥር መስጠት የጸሐፊው ሥራ ነው፤ አንዱን በሌላው ቁጥር ማስደንገጥ አይገባም።

## ጽሑፉ ሳይወጣ

እነዚህን ሁሉ አሟልቶም ጽሑፉ ግልጽ መሆኑን ጸሐፊው ራሱ ሊያውቅ አይችልም፣ ምክንያቱም ግኝቱን አስቀድሞ ያውቀዋል። ማወቂያው ጉዳዩን ለማያውቅ ሰው አስነብቦ፣ ጽሑፉን ከፊቱ አንሥቶ፣ «ስለምን ነበር?» ብሎ መጠየቅ ነው። «ገባህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሁሉ ገባኝ ስለሚል ያ ጥያቄ አይጠቅምም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እናቶችን የተማሩትን መልሰው እንዲነግሯቸው የሚጠይቁት በዚህ ምክንያት ነው።

መልሱ ውስጥ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። አንባቢው «አደገኛ ነው አሉ» ብቻ ካለ፣ ቁጥሩ አልደረሰውም፤ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር በማስጠንቀቂያ ስለተጀመረ ነው፣ ስለዚህ ቆጠራው ወደ ፊት ይመጣል። «ሁለት ሰው ሞተ» ካለ፣ መታመምና መሞት ተቀላቅለውበታል፤ የሚድኑት መጠቀስ አለባቸው። «ከ7,000 ሁለት» ብሎ በትክክል ከመለሰ በኋላ «ታዲያ እንክብል መውሰድ ይቅር?» ብሎ ከጠየቀ፣ የጎደለው የእርግዝናው ቁጥር ነው። እነዚህ ስሕተቶች ሁሉ በአንድና በሁለት ቃል የሚታረሙ ናቸው። የሚታረሙት ግን ጽሑፉ አንድ ሺሕ ሰው ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ሦስት ወይም አራት ሰው ጋ ደርሶ ከሆነ ነው።